ዝሆኑ ግንቡን ይፈልጋል

ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ማለት «ዝሆንና ግንብ» ማለት ነው። በደቡብ ለንደን የሚገኝ ሰፈር ነው፤ እኛም የምንኖረው እዚያው አካባቢ ነው። በሰፈሩ አንድ የዝሆን ሐውልት አለ። ዝሆኑ ጀርባው ላይ ግንብ ተሸክሟል። ሐውልቱ ለብዙ ዓመታት የድሮው የገበያ ማዕከል ምልክት ነበር። ማዕከሉ በ1965 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ በመስከረም 2020 ተዘጋ፤ ከዚያም ፈረሰ። ዝሆኑ ግን ከነግንቡ ካስል ስኩዌር ወደሚባለው ቦታ ተዛወረ።

በዚህ ሰፈር ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የምሰማው ቋንቋ ስፓኒሽ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኮሎምቢያውያን፣ ኤኳዶራውያንና ሌሎች የላቲን አሜሪካ ሰዎች በገበያ ማዕከሉ ውስጥና በባቡር ድልድዩ ሥር ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ፀጉር ቤት ከፍተው ነበር። ማዕከሉ ሲዘጋ አንዳንዶቹ ሄዱ፤ አንዳንዶቹ እዚያው አካባቢ ቀሩ። እኔም ስፓኒሽ የተማርኩት ከእነሱ ነው። ለዓመታት ማታ ማታ ቢሮ የማጸዳው ከኮሎምቢያ ሴቶች ጋር ነበር። ሰዋስው አላስተማሩኝም። «ባልዲው የት አለ?» «እዚያ የለም» «ቁልፉ የት አለ?» ሲሉ እየሰማሁ ተማርኩ። እንግዲህ እኔ ራሴ ቋንቋውን የያዝኩት በተደጋገሙ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ነው።

ታላቋ ልጄ ሰባት ዓመት ሲሆናት በትምህርት ቤቷ ስፓኒሽ ጀመረች። በእንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ተጨማሪ ቋንቋ መማር አለባቸው። የልጄ ትምህርት ቤት የመረጠው ስፓኒሽ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ቀለም፣ ቁጥርና የእንስሳት ስም ይማራሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጄ ብዙ ስም ታውቃለች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን መናገር አትችልም። «ውሻ፣ ቀይ፣ ሦስት» ብላ ታቆማለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ የኮሎምቢያ ልጅ ናት። ልጄም ከእሷ ጋር መጫወት እንጂ ስም መቁጠር አልፈለገችም። አንድ ቀን «እማዬ፣ ማታ ተረት በስፓኒሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ደስ አላለውም። «ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ለአማርኛ ያለችን ያቺ የማታዋ ሃያ ደቂቃ ብቻ ናት። እሷንም ለስፓኒሽ ከሰጠን ከእናቴ ጋር በምን ቋንቋ ታወራለች?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር። በስልክ ከአያቷ ጋር ስታወራ ልጄ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትልና ስልኩን ለእኔ ትሰጣለች። ሃያ ደቂቃዋን መጠበቅ ነበረብን።

ስለዚህ ተረቱን ሁለት ቦታ ከፈልኩት። የሚተርከው ሰው፣ ማለትም እኔ፣ በአማርኛ ይተርካል። በተረቱ ውስጥ ያሉት እንስሳት ግን ስፓኒሽ ይናገራሉ። ዝሆኑ ከኮሎምቢያ ሱቅ አጠገብ ስለሚኖር ስፓኒሽ መናገሩ ለልጄ ምንም አልገረማትም። በአማርኛ ያለው ክፍል በየማታው ሊሰፋ ይችላል። ዝናብ ይዘንባል፣ አውቶቡስ ይዘገያል፣ አንዲት ሴትዮ ዝሆኑን ትቆጣለች። ስፓኒሹ ግን አይለወጥም።

ስፓኒሹን በኢትዮጵያ ፊደል ጻፍኩት። ይህን ያደረግኩት ፊደል እየረሳች ስለነበረ ነው፤ ነገር ግን ሌላም ጥቅም አገኘሁበት። ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ድምፆች ብቻ አሉት፦ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። አምስቱም በፊደላችን አሉ። ከሰባቱ የፊደል ረድፎች የማያስፈልገን ግዕዙ ብቻ ነው፤ ሳድሱ ደግሞ አናባቢ ለሌለው ድምፅ ያገለግላል። «ኒኞ» ማለት ወንድ ልጅ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩ የክፍሏ ልጆች በዚህ ቃል ሲቸገሩ፣ የእኔ ልጅ «ኘ»ን ከፊደል ገበታ ስለምታውቃት ወዲያው አለችው።

ፊደላችን የማይችለው ነገርም አለ። በስፓኒሽ «ፔሮ» ሲባል «ር» ላልቶ ከሆነ «ግን» ማለት ነው፤ ጠብቆና ተንቀጥቅጦ ከሆነ «ውሻ» ማለት ነው። በእኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ይህ ግን ለአማርኛ አንባቢ አዲስ ችግር አይደለም። ዝሆኑ «ግንቤ የት አለ?» አለ ብለን ስንጽፍ፣ የመጀመሪያው «አለ» ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ይላላል። እኛ እንደ አገባቡ እናነበዋለን። ልጄም ይህን ስታይ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን «አለ» ሳትሳሳት ታነባለች።

አሁን ተረቱን ልንገራችሁ። «ተረት ተረት» እላለሁ፤ «የላም በረት» ትላለች። ከዚያ እንዲህ ይቀጥላል።

አንድ ዝሆን ነበረ። ዝሆኑ በኤሌፋንት ኤንድ ካስል ይኖር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፉ ተነሣና ግራና ቀኝ ተመለከተ። ግንቡ አልታየውም። ደነገጠ።

«ኤል ኤሌፋንቴ ቡስካ ሱ ካስቲዮ።»

ዝሆኑ ግንቡን ይፈልጋል ማለት ነው። ዝሆኑ ወደ መናፈሻው ሄደ።

«ዶንዴ ኤስታ ሚ ካስቲዮ? ኤስታ ኤን ኤል ፓርኬ?»
«ኖ፣ ኖ ኤስታ ኤን ኤል ፓርኬ።»

ይህም «ግንቤ የት አለ? መናፈሻው ውስጥ አለ?» «አይ፣ መናፈሻው ውስጥ የለም» ማለት ነው። መልሱን የሚሰጠው በየቦታው የሚያገኘው ሰው ወይም እንስሳ ነው። መናፈሻው ውስጥ ሽኮኮ ናት። ከዚያ ዝሆኑ ወደ ገበያ ይሄዳል፦ «ኤስታ ኤን ኤል ሜርካዶ?» ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ይገባል፦ «ኤስታ ኤን ኤል ቡስ?» ከዚያ ወደ ዳቦ ቤት፦ «ኤስታ ኤን ላ ፓናዴሪያ?» ወደ ትምህርት ቤት፦ «ኤስታ ኤን ላ ኤስኩዌላ?» በመጨረሻም ወደ ባቡር ጣቢያ፦ «ኤስታ ኤን ላ ኤስታሲዮን?» በየቦታው መልሱ አንድ ነው፤ ግንቡ የለም።

ዝሆኑ ደክሞት ተቀመጠ። ከሰማይ አንዲት ወፍ መጣችና ከላዩ ላይ አረፈች። ያረፈችው ግንቡ ጫፍ ላይ ነው።

«ኤስታ ኤን ቱ ኤስፓልዳ» አለችው ወፏ። ጀርባህ ላይ አለ ማለት ነው።
«አኪ ኤስታ! አኪ ኤስታ ሚ ካስቲዮ!» አለ ዝሆኑ። ይኸው! ግንቤ ይኸው!

ተረቱ ይህ ነው። ከዚህ በላይ ምንም የለውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ነገር እዚያ ያለው በምክንያት ነው።

በመጀመሪያ፣ በተረቱ ውስጥ የሚለወጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ልጄ አዲስ ቃል ስትሰማ ከዙሪያው ያለውን ሁሉ ታውቀዋለች። «ኤስታ ኤን ላ» ካልኩ በኋላ የሚመጣው ቃል የቦታ ስም እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ይገባታል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ብለውጥ ኖሮ፣ ለምሳሌ ቦታውንና ግሡን፣ የትኛው ቃል የትኛው እንደሆነ መለየት ይከብዳት ነበር። ስድስቱ ቦታዎች እያንዳንዳቸው «ኤስታ»ን ሦስት ጊዜ ይዘዋል፤ መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ ይጨመራል። በአንድ ማታ ሃያ አንድ ጊዜ ትሰማዋለች ማለት ነው። በክፍል ውስጥ በወር ይህን ያህል የምትሰማው አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ሦስቱ «ኤል» የሚሉት ቦታዎች አንድ ላይ ናቸው፤ ሦስቱ «ላ» የሚሉትም አንድ ላይ ናቸው። በስፓኒሽ እያንዳንዱ ስም ወይ ወንድ ነው ወይ ሴት ነው። በአማርኛም «ልጁ» እና «ልጅቷ» እንላለን፤ ዕቃንም ስናቆላምጥ «ቤቷ» «መኪናዋ» እንላለን። በአማርኛ ግን ለዕቃ የሚመርጠው ተናጋሪው ነው። በስፓኒሽ ምርጫ የለም፤ ገበያ ሁልጊዜ ወንድ ነው፣ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ሴት ናት። ሁለቱን ቀላቅዬ ብናገር ጆሮዋ ሥርዓቱን ለመያዝ ጊዜ አያገኝም ነበር። ዝሆኑ ከአውቶቡስ ወርዶ ዳቦ ቤት ሲገባ «ኤል» ወደ «ላ» ይለወጣል። እሷም ይህን ለውጥ በሦስተኛው ማታ ራሷ ሰማችውና «ለምን ላ ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ከእሷ መምጣቱ ከእኔ ማብራሪያ ይሻላል።

ስለ ቃላቱ ምርጫም ትንሽ ልበል። «ሜርካዶ» ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው መርካቶ ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ደግሞ እህትማማች ናቸው። «አውቶቡስ» የሚለውን የአማርኛ ቃልም በስፓኒሽ «አውቶቡስ» ብለው ታገኙታላችሁ። የትምህርት ቤቷ መምህርት የምትለውም እንደዚያ ነው። የኮሎምቢያ ባልደረቦቼ ግን በአጭሩ «ቡስ» ነው የሚሉት። እኔ የእነሱን መረጥኩ፤ የልጄ ጓደኛ ቤት የሚነገረውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ነገር በጣም ያስደነቀኝ ነው። የክፍሏ ልጆች ስፓኒሽ ሲናገሩ የሚቸገሩበት አንድ ቦታ አለ። እንግሊዝኛ «ነው» እና «አለ» ለሚሉት ሁለት ሐሳቦች ብዙ ጊዜ አንድ ግሥ ነው የሚጠቀመው። ስፓኒሽ ግን ሁለት ግሥ አለው። «ኤስ» አንድ ነገር ምን እንደሆነ ይናገራል፤ «ኤስታ» የት እንዳለ ወይም እንዴት እንዳለ ይናገራል። ከእንግሊዝኛ የሚነሣ ልጅ «ኖ ኤስ ኤን ኤል ፓርኬ» ይላል። ልጄም መጀመሪያ እንደዚያ አለች።

ግን በአማርኛስ እንዴት ነው? «ይህ ግንብ አይደለም» እና «ግንቡ እዚህ የለም» የተለያዩ ናቸው። ማንም የአማርኛ ተናጋሪ አያምታታቸውም። ስለዚህ «ኖ ኤስ» አይደለም ነው፤ «ኖ ኤስታ» የለም ነው አልኳት። ዝሆኑ መናፈሻው ውስጥ ቆሞ «አይደለም» ቢል ምን ያስቃል? ለጥቂት ማታ ይህን ቀልድ አደረግነው። እኔ ሆን ብዬ ሽኮኮዋን «ግንቡ መናፈሻው ውስጥ አይደለም» አስብላታለሁ፤ ልጄ «የለም! የለም በያት!» ብላ ትጮኻለች። ከዚያ ስፓኒሹን በትክክል ትለዋለች።

ይህ ዘዴ ወሰን እንዳለው መናገር አለብኝ። አማርኛና ስፓኒሽ እዚህ ጋ ተገናኙ እንጂ አንድ አይደሉም። በአማርኛ «ግንቡ የት ነው?» ብንልም ያስኬዳል፤ ስፓኒሽ ግን እዚህ «ኤስታ»ን ብቻ ነው የሚፈልገው። «እዚህ ሰፈር ውሻ አለ» ስንል ደግሞ ስፓኒሽ «ኤስታ» አይልም፤ «አይ» የሚል ሌላ ቃል አለው። በዚያ ላይ ይህ «አይ» ከእኛ «አይ» ጋር በድምፅ ይመሳሰላል፤ ትርጉሙ ግን ተቃራኒ ሊባል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ተረት ውስጥ አላስገባሁትም። የታወቀ አንድ ነገር፣ የራሱ የዝሆኑ ግንብ፣ የት እንዳለ ብቻ እንጠይቃለን። በዚያ ክልል ውስጥ «አለ» እና «ኤስታ» በደንብ ይገጥማሉ።

ሌላም አስቸጋሪ ቃል አለ፤ እሱ ግን ከአማርኛ የመጣ ነው። «ይፈልጋል» የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ይሠራል። «ዳቦ ይፈልጋል» ስንል ሊያገኝ ይመኛል ማለት ነው፤ «ቁልፉን ይፈልጋል» ስንል ደግሞ ቁልፉን እየዞረ ያስሳል ማለት ነው። ልጄ «ዝሆኑ ግንቡን ይፈልጋል» ስላት «እንዲገዛ ነው?» አለችኝ። ስፓኒሽ እነዚህን ይለያቸዋል፤ «ኪዬሬ» መመኘት ነው፣ «ቡስካ» ማሰስ ነው። ስለዚህ «ቡስካ» ስል እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ግራ ቀኝ አያለሁ። ትርጉሙን እጄ ይናገራል። አልጋ ላይ ተኝታም ቢሆን እሷም እጇን ታነሣለች።

አነጋገሩ ከእኔ ወደ እሷ የተሻገረው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያው ማታ ሁሉንም እኔ ተናገርኩ፤ እሷ ሰማች። በሁለተኛው ማታ የመጨረሻውን ቃል ተውኩላት። «ኖ፣ ኖ ኤስታ ኤን ኤል...» ብዬ አቆማለሁ፤ እሷ «ፓርኬ!» ትላለች። ከዚያ በሚቀጥለው ከ«ኖ» በኋላ አቆምኩ። በመጨረሻ ጥያቄውም የእሷ ሆነ። ባቆምኩ ቁጥር በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። አምስት ቁጥር በጨለማ ውስጥ ረጅም ነው፤ ለወላጅ ምላስ ፈተና ነው። ነገር ግን ልጁ ዓረፍተ ነገሩን የሚያቀናብረው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ከሳምንት በኋላ ተረቱን ከእኔ ፈጥና ታወርደው ጀመር። ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትተነፍስ፣ እንደ ዘፈን። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው። በቃል መያዝና መናገር መቻል አንድ አይደሉም። ልጁ ሲያዜመው ቃላቱ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ረጅም ቃል ይሆናሉ። የት እንደሚቆረጡ አያውቅም።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ተረቱ ውስጥ የሌለ ነገር መጠየቅ ነው። አንድ ቅዳሜ የአሻንጉሊት ድቧን ደበቅኩባት። «ዶንዴ ኤስታ ኤል ኦሶ?» አልኳት። ድቡ የት አለ? ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች፤ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። «ኖ! ኖ ኤስታ ኤን ኤል ኔቤራ!» ብላ ጮኸች።

«ኔቤራ» ማቀዝቀዣ ነው፤ ቃሉን የሰማችው ጓደኛዋ ቤት ነው። በተረቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ይህን ዓረፍተ ነገር ከእኔ ፈጽሞ አልሰማችውም፤ ራሷ ሠራችው። አንድ ጉድለት ነበረው፤ ማቀዝቀዣ በስፓኒሽ ሴት ስለሆነች «ላ ኔቤራ» መባል ነበረባት። ይህም ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። በቃሏ የያዘችውን ብቻ ብትደግም ኖሮ እንዲህ ያለ ስሕተት አይመጣም ነበር። አላረምኳትም። «ሲ፣ ኖ ኤስታ ኤን ላ ኔቤራ» ብዬ ትክክለኛውን መለስኩላት፤ ፍለጋውም ቀጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ስም ስንማር ብቻውን አንለውም። «ኔቤራ» ሳይሆን «ላ ኔቤራ»፣ «ኦሶ» ሳይሆን «ኤል ኦሶ» እንላለን። ድቡ የተገኘው ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ «ኤን ላ ሞቺላ»።

ተረቱ የማያስተምረው ብዙ ነው። ያለፈ ጊዜ የለበትም፤ ብዙ ቁጥር የለበትም፤ «እኔ» እና «አንተ» በግሡ ላይ አይታዩም። ያንን ሁሉ በአንድ ተረት መጨመር ይቻል ነበር፤ ግን ያኔ ተረት መሆኑ ይቀርና ትምህርት ይሆናል፤ ልጅ ደግሞ ማታ ትምህርት ሲሸተው ቶሎ ያውቃል። ስድስት ቦታም በቂ ነው። ሰባተኛ ቦታ፣ መጸዳጃ ቤት፣ በልጄ ጥያቄ ጨምረን ነበር፤ በሳቅ ምክንያት ሰዓቱ አለፈ፣ እንቅልፉም ጠፋ።

በቅርቡ አያቷ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው ልጄ ናት። አያቷ «አባትሽ የት አለ?» አሏት። ከዚህ በፊት «አባዬ ቤት ውስጥ አይደለም» ነበር የምትለው። እንግሊዝኛውን በአማርኛ ቃል ታለብሰዋለች፤ አያቷም ይገባቸዋል፤ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ዝም ይላሉ። አሁን ግን «አባዬ የለም። ሥራ ሄዷል» አለች። አያቷ ዝም አላሉም፤ «መቼ ይመጣል?» ብለው ቀጠሉ። ባለቤቴ ማታ ሲመጣ ነገርኩት። ምንም አላለም፤ ግን በዚያ ማታ የአውቶቡስ ሹፌሩን ድምፅ እኔ ልሥራ አለ። ስፓኒሽ ስለማይችል «ኖ፣ ኖ ኤስታ ኤን ኤል ቡስ» የሚለውን ልጄ አስተማረችው።

አንዳንድ የሰፈራችን ሰዎች ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚለው ስም ራሱ ከስፓኒሽ የመጣ ነው ይላሉ። «ላ ኢንፋንታ ዴ ካስቲያ» ማለትም «የካስቲያ ልዕልት» የሚለውን እንግሊዞች መጥራት አቅቷቸው «ኤሌፋንት ኤንድ ካስል» አደረጉት ይባላል። የታሪክ ሰዎች ይህን አይቀበሉትም፤ ስሙ የመጣው ምልክቱ ዝሆንና ግንብ ከነበረ የድሮ መጠጥ ቤት ነው። ለልጄ ሁለቱንም ነገርኳት። እሷ ልዕልቷን መረጠች። እንግዲህ በሚቀጥለው ሳምንት ዝሆኑ ጀርባው ላይ ካለው ግንብ ውስጥ አንዲት ልዕልት ትወጣለች፤ ዓረፍተ ነገሯም «ቴንጎ» በሚል ቃል ይጀምራል። «ቴንጎ» ማለት «አለኝ» ማለት ነው። «ቴንጎ ኡን ኤሌፋንቴ» ዝሆን አለኝ። «ቴንጎ ኡን ካስቲዮ» ግንብ አለኝ። መጨረሻዋን ገና አሁን አዘጋጅቻታለሁ፦ «ቴንጎ ሱዌኞ።» ቃል በቃል «እንቅልፍ አለኝ» ነው፤ በእኛ ግን «እንቅልፌ መጣ» ነው የሚባለው። ልጄ ግን ከአሁኑ አስጠንቅቃኛለች፤ ልዕልቷ ከመተኛቷ በፊት ድቡን መፈለግ አለባት።